ለፕሮጀክት ፕሮፖዛል የቱ ከቨር ይሻላል? መሃል፣ ግራ ወይስ የወርድ ዝግጁ ዲዛይን

ፕሮፖዛሉ አልቋል። በጀቱ ተደምሯል፣ የሥራ መርሐ ግብሩም ገብቷል። የቀረው የሽፋን ገጹ ብቻ ነው። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ ወይ የአምናውን ፕሮፖዛል ከፍተን ከቨሩን እንገለብጣለን፣ ወይ ወርድ ውስጥ ገብተን ደስ ያለንን ዝግጁ ዲዛይን እንመርጣለን። ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። ነገር ግን ወረቀቱ ታትሞና ተጠርዞ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሎጎው ተለጥጧል፣ ርዕሱ ከመሃል ወደ ጎን ሸሽቷል፣ ቀኑም ለአንዱ አንባቢ የዛሬ፣ ለሌላው የዛሬ ሰባት ዓመት ሆኗል።

ምርጫው በእጃችን ሦስት ነው። ሁሉንም መሃል ማድረግ፣ ሁሉንም ወደ ግራ ማስጠጋት፣ ወይም የወርድን ዝግጁ ከቨር መጠቀም። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል፦ ገጹ ላይ ስንት ሎጎ አለ? ርዕሱስ በስንት ቋንቋ ይጻፋል?

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሐዋሳ ውስጥ ያለ የወጣቶች ማኅበር ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ጋር ሆኖ ለከተማው ጽሕፈት ቤት ፕሮፖዛል ያቀርባል እንበል። ሥራው ከሐይቁ ዳር ፕላስቲክ መሰብሰብ ነው። ርዕሱ «በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የፕላስቲክ ቆሻሻን ማሰባሰብና መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል» ይላል። ረዘም ያለ ርዕስ ነው፤ የእኛ አገር ፕሮፖዛል ርዕስ ግን ባብዛኛው እንዲህ ነው።

ዝግጁው ከቨር

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ቶሎ የሚያልቅ ነው። ወርድ ላይ `Insert` ውስጥ `Cover Page` የሚለውን ስትነኩ የሚመጡት ዲዛይኖች ስክሪን ላይ ያምራሉ። ፒዲኤፍ ሆነው በኢሜይል ብቻ የሚላኩ ከሆነ፣ ርዕሱም አጭርና በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ተጠቀሙበት። ጊዜ ይቆጥባል።

ለታተመ የአማርኛ ፕሮፖዛል ግን አልመክረውም። ብዙዎቹ ገጹን ጥግ ድረስ በቀለም ይሞላሉ። የተለመደው የቢሮ ፕሪንተር ደግሞ ወረቀቱን እስከ ጠርዙ አያትምም። ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ይተዋል፤ ስለዚህ ቀለሙ ነጭ ፍሬም ያወጣል። ኮፒ ቤቱ በጥቁርና ነጭ ካተመው ሰማያዊው ጥቁር ግራጫ ይሆናል፣ በላዩ ያለው ነጭ ጽሑፍም ይደበዝዛል። ከዚያ ላይ ተጨማሪ ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ርዕሱ ጭራሽ አይነበብም።

ሌላው ችግር ፊደላችን ነው። ብዙዎቹ ዲዛይኖች የተሠሩት ትልቅና ትንሽ ፊደል ላለው ጽሑፍ ነው። ርዕሱን በትልልቅ ፊደላት ጽፈው ክብደት ይሰጡታል። ግዕዝ ላይ ያ ልዩነት የለም። አማርኛውን ስትከቱበት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንና ዲዛይኑ የቆመበት ነገር ይጠፋል። ለእኛ ርዕስን ከሌላው የሚለየው የፊደሉ መጠንና በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ነው።

አበባ ያለበት ወይም ድርብ መስመር ያለው የገጽ ፍሬምም እዚሁ ይካተታል። እንዲያምር ተብሎ ይገባል። ጥረዛው ላይ ግን የስፓይራሉ ቀዳዳዎች የግራውን መስመር ይበሱታል፣ ወይም መስመሩ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያለ ፍሬም ገጹ ይጸዳል።

መሃል ወይስ ግራ?

እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው።

መሃል ማድረግ የለመድነው ነው። የመንግሥት ቢሮ ሰነዶች፣ የዩኒቨርሲቲ የጥናት ወረቀቶች፣ የማኅበራት ሪፖርቶች ባብዛኛው እንደዚያ ናቸው። የሚቀበለው ሰው የለመደውን ሲያይ አይደናገርም። ርዕሱ በአንድ ቋንቋ ከሆነና ከሦስት መስመር ካልዘለለ መሃል ያምራል። ሁለት ሎጎ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ሲቀመጡም ገጹ ሚዛን ስለሚይዝ፣ ርዕሱ መሃል ላይ መሆኑ ተፈጥሯዊ ይሆናል።

መሃል የሚበላሸው መስመሮቹ ሲበዙ ነው። ሐዋሳ ላይ ይሄ ብዙ ያጋጥማል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ፕሮፖዛሉ አማርኛም ይኖረዋል፣ የውጭ ድርጅት ካየው እንግሊዝኛም ይጨመራል። ሦስት ርዕስ በሦስት ርዝመት፣ በሁለት ዓይነት ፊደል፣ ሁሉም መሃል ላይ ሲደረደር ዳርና ዳሩ ይዘበራረቃል። ዓይን እያንዳንዱን መስመር የት እንደሚጀምር መፈለግ አለበት። እንዲህ ሲሆን ወደ ግራ ማስጠጋት ይሻላል። ሁሉም መስመር ከአንድ ቦታ ይጀምራል፤ ያ የግራ ጠርዝ ራሱ ገጹን ያስተካክለዋል። ዋናውን ቋንቋ 24 ነጥብ፣ ሌሎቹን 16 ነጥብ አድርጉ። ሦስቱም እኩል ከሆኑ የትኛው ርዕስ እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አንድ ቋንቋና ሁለት ሎጎ ከሆነ መሃል። ከአንድ ቋንቋ በላይ ወይም አንድ ሎጎ ብቻ ከሆነ ግራ። አንድ ሎጎ ግራ ላይኛው ጥግ ሲቀመጥና ርዕሱ ከሥሩ በዚያው መስመር ሲጀምር ገጹ በጣም ንጹሕ ይሆናል። መሃልና ግራን ማደባለቅ ግን አይሠራም። ርዕሱ መሃል፣ የአቅራቢው ስም ግራ፣ ቀኑ ቀኝ ጥግ ከሆነ ገጹ የተሰበሰበ ሳይሆን የተበተነ ይመስላል።

የኛ የምሳሌ ማኅበር ርዕሱ በአማርኛ ብቻ ስለሆነና ሁለት ሎጎ ስላለው መሃልን ይመርጣል።

ሎጎው የት ይቀመጥ?

ሁለት ሎጎ ሲኖር አብዛኛው ሰው ምስሉን ነፃ አድርጎ በማውስ እየጎተተ ያስቀምጠዋል። በሱ ኮምፒውተር ላይ ልክ ይሆናል። ኮፒ ቤቱ ሲከፍተው አንዱ ወርዶ ርዕሱ ላይ ይወጣል። ይህ እንዳይሆን አንድ ረድፍና ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አስገቡ። በግራው ሳጥን አንዱን ሎጎ ወደ ግራ፣ በቀኙ ሌላውን ወደ ቀኝ አስጠጉ። ሁለቱም `In Line with Text` ይሁኑ። ከዚያ የሠንጠረዡን መስመሮች በ`No Border` አጥፉ። ሎጎዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

መጠናቸውስ? እዚህ ላይ ቁመታቸውን እኩል ማድረግ ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። የማኅበሩ ሎጎ ክብ፣ የትምህርት ክፍሉ ሎጎ ደግሞ ስፋቱ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ነው እንበል። ሁለቱንም 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ከሰጣችኋቸው ሰፊው 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ክቡን ይውጠዋል። ክቡን 2.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ተዉት፤ ሰፊውን ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር ቁመት አውርዱት። ስፋቱ 4.2 ይሆናል። አሁን በዓይን እኩል ይመዝናሉ። ሳጥኖቹን ከላይ ወደ ታችም መሃል ካደረጋችሁ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ አይልም። መጠኑን ስትቀይሩ ከጥጉ ብቻ ጎትቱ። ከጎን ከጎተታችሁ ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ የድርጅቱ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሎጎው ከየት መጣ የሚለውም ያሳስባል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሎጎ ተጨምቆ ስለሚመጣ ሲታተም ጠርዙ ይሻክራል። እንደ ፋይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ኅትመት 300 ፒክስል ያህል ካለው ይበቃል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ፒኤንጂ ሆኖ ጀርባው ግልጽ ከሆነ ይመረጣል። ነጭ ወረቀት ላይ ከሆነ ግን ጥሩ ጥራት ያለው ጄፒጂም ችግር የለውም።

ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ በኋላ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ስምና ሎጎ ተቀይሯል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ የምታገኙት ግን የቀድሞውን የደቡብ ክልል ስም የያዘ ሊሆን ይችላል። የአምናውን ከቨር የሚገለብጥ ሰውም ሳያውቀው የድሮውን ይዞ ይመጣል። በቅርቡ ከዚያ መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ፈልጉና ራስጌውን አመሳክሩ።

የለጋሹን ሎጎ በተመለከተ ደግሞ እንዲህ ነው። ገንዘቡን የምትጠይቁትን ድርጅት ሎጎ ከቨሩ ላይ አታስቀምጡ፤ በጥሪው ላይ አድርጉ ካልተባላችሁ በቀር። ገና ያልጸደቀ ፕሮፖዛል ላይ ሎጎው ካለ ድርጅቱ አስቀድሞ የደገፈው ያስመስላል። የሚቀርብለት አካል ስም በጽሑፍ ይበቃል። አጋሮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑም ላይኛው ክፍል ለመሪው ድርጅት ብቻ ይተው። የሌሎቹ ሎጎ አነስ ብሎ ከገጹ ግርጌ በአንድ ረድፍ ይደርደር።

ርዕሱን መስበር

ርዕሱን ዝም ብላችሁ በ24 ነጥብ ስትጽፉት ወርድ ቦታ ባለቀበት ይሰብረዋል። የምሳሌያችን ርዕስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የፕላስቲክ
ቆሻሻን ማሰባሰብና መልሶ ጥቅም ላይ
ማዋል

«የፕላስቲክ» ከ«ቆሻሻን» ተለይቷል። «ማዋል» ብቻውን ሜዳ ላይ ቀርቷል። በትርጉሙ ሰብሩት፦

በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ
የፕላስቲክ ቆሻሻን ማሰባሰብና
መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል

የት፣ ምን፣ ከዚያስ? እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ይመልሳል። መስመሩን ስትሰብሩ `Shift` ተጭናችሁ `Enter` ምቱ። `Enter` ብቻ ከመታችሁ አዲስ አንቀጽ ይሆንና በመስመሮቹ መካከል የማትፈልጉት ክፍተት ይገባል።

ቦልድ ማድረግን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኒያላና አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ያላቸው ፎንቶች ናቸው። ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ ራሱ ፊደሉን ያደልበዋል። «ጭ» እና «ሕ» የመሳሰሉት ውስጣቸው ይሞላል፤ ፎቶ ኮፒ ላይ ደግሞ ይብሳል። መጠኑን ጨምሩ እንጂ ቦልድ አታድርጉ። ወፍራም ፊደል የግድ ካስፈለገ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የራሱ የተሳለ ወፍራም ፊደል አለው።

ክፍተቱ በምን ይሠራ?

ጥሩ ከቨርን ከመጥፎው የሚለየው ባብዛኛው ይሄ ነው። ርዕሱን ወደታች ለማውረድ `Enter` አሥር ጊዜ መምታት ወይስ የአንቀጹን ክፍተት በቁጥር መስጠት?

`Enter` የሚመታ ሰው ክፍተቱን በባዶ መስመር ነው የሚሠራው። ባዶ መስመርም የፎንቱን ቁመት ይከተላል። ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ሌላ ይተካና የእያንዳንዱ ባዶ መስመር ቁመት ይቀየራል። የሃያ መስመር ጥቃቅን ልዩነት ተደምሮ ቀኑን ወደ ሁለተኛ ገጽ ይገፋዋል። ይህ በተለይ በኒያላ ያጋጥማል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከዋናው ጋር አብሮ የማይጫን ተጨማሪ ሆኗል፤ ስለዚህ እናንተ ጋ አለ ማለት ሌላው ጋ አለ ማለት አይደለም።

በቁጥር መስጠት ይህን ያስቀራል። `Layout` ውስጥ `Spacing` ከሚለው ሥር `Before` ላይ ቁጥር ትጽፋላችሁ። 28 ነጥብ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለምሳሌያችን ገጹ ይህን ይመስላል።

ወረቀቱ ኤ4 ነው፤ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር። ከላይና ከታች 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲተው 24.7 ይቀራል። የሎጎው ረድፍ 2.5 ይወስዳል። ርዕሱ ላይ `Before` 120 ነጥብ ስጡ፤ ወደ 4.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዕሱ በሦስት መስመር 3.2 ገደማ ይይዛል። ከሥሩ በ24 ነጥብ ክፍተት «የፕሮጀክት ፕሮፖዛል» የሚለው በ14 ነጥብ ይገባል። ከዚያ ትልቁ ባዶ ቦታ ይመጣል፤ 180 ነጥብ። ቀጥሎ የአቅራቢውና የሚቀርብለት አካል ስም በ12 ነጥብ፣ በመካከላቸው 24 ነጥብ። በመጨረሻ፣ በሌላ 24 ነጥብ ክፍተት፣ ከተማውና ቀኑ። ሁሉም ተደምሮ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የሚያህል ትርፍ አለ፤ ፎንቱ ትንሽ ቢቀየርም ቀኑ ወደ ሁለተኛ ገጽ አይዘልም።

ልብ በሉ፣ ርዕሱ የተቀመጠው ከገጹ እኩሌታ ከፍ ብሎ ነው። ትክክል መሃል ላይ ብታስቀምጡት ዓይን የወረደ አድርጎ ያየዋል። ክፍተቶቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ተቀራራቢ ነገሮች መካከል 24፣ የማይገናኙት መካከል ከ100 በላይ። ሁሉም ቦታ እኩል ክፍተት ከሆነ የቱ ከየቱ ጋር እንደሆነ አይታይም።

በስፓይራል የሚጠረዝ ከሆነ የግራውን ማርጂን 3.5፣ የቀኙን 2.5 አድርጉ። ጽሑፉ ከወረቀቱ መሃል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስትከፍቱት ያፈነገጠ ይመስላል፤ ሽቦው ሲገባ ግን ልክ ይሆናል። በኢሜይል ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይሁኑ። ሁለቱም ከሆነ ሁለት ፋይል አውጡ፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ከቨሩ የራሱ ማርጂን እንዲኖረውና ቁጥር እንዳይወጣበት ከውስጡ ገጾች በ`Breaks` ውስጥ ባለው `Next Page` ለዩት። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ግርጌ ላይ `Link to Previous` የሚለውን አጥፉ። ይህን ካልነካችሁ ከቨሩ ላይ ቁጥር ስታጠፉ የውስጡም አብሮ ይጠፋል።

ቀኑ

ቀን ላይ ያለው ምርጫ የኛ፣ የፈረንጅ ወይስ ሁለቱም የሚል ነው። ለከተማ ጽሕፈት ቤት የሚገባ ከሆነ የኛው ይበቃል፤ «ዓ.ም.» የሚለውን ግን አትርሱ። የውጭ ሰው የሚያየው ከሆነ ሁለቱም ይጻፉ። ዓመቱ ብቻውን «2018» ተብሎ እንግሊዝኛ ከቨር ላይ ከወጣ፣ የማያውቅ ሰው የቆየ ሰነድ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሁለቱንም ስትጽፉ ወርና ዓመት ብቻ አታድርጉ። ጥቅምት 2018 ማለት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9፣ 2025 ነው። «ጥቅምት» ከአንድ የፈረንጅ ወር ጋር አይገጥምም። ሙሉ ቀን ጻፉ፦ «ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.»፣ ከሥሩ ደግሞ «ኦክቶበር 21፣ 2025»። የወርድ ቀን መምረጫ የፈረንጁን ነው የሚያወጣው፤ የኛውን በእጅ ጻፉት። በራሱ የሚታደስ ቀንም አታስገቡ። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ይቀየርና ያስገባችሁበት ቀን ይጠፋል። የሚጻፈው ፕሮፖዛሉን መጻፍ የጀመራችሁበት ሳይሆን የምታስገቡበት ቀን ነው፤ ከሸኚ ደብዳቤው ቀን ጋርም መግጠም አለበት።

ጥሪውን ያወጣው ድርጅት የራሱ የከቨር ቅጽ ካለው ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ቅጹን ሙሉ። ገምጋሚው የአቅራቢውን ማንነት ማወቅ የለበትም ከተባለም ስምም ሎጎም አይገባም።

ወደ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ፍላሽ ላይ ሁለት ነገር ይኑር፦ የወርዱ ፋይልና ፒዲኤፉ። የሚታተመው ፒዲኤፉ ነው። ፎንቱ ውስጡ ስለሚቀመጥ የነሱ ኮምፒውተር ምንም ይኑረው ምን ከቨሩ አይቀየርም። መጀመሪያ የሽፋኑን ገጽ ብቻ አሳትሙ። የሎጎው ክብ ክብ መሆኑን፣ የርዕሱ ሦስት መስመር ሦስት ሆኖ መቆየቱን፣ ከግራ ለሽቦው በቂ ቦታ መኖሩን እዩ። ሲያትሙም «ፊት ቱ ፔጅ» እንዳያደርጉት ንገሯቸው፤ ገጹን ያሳንስና የሰጣችሁትን ማርጂን ሁሉ ይቀይረዋል።